«ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም

«የተማሪዎች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው። የማስተማር ዘዴያቸውን ቢያሻሽሉ።»

በመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ ላይ፣ «አስተያየት» በምትለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ብርቅ አይደለም። ከጎኑ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ፊርማና ማህተም። መምህሩ ቅጹን ይዘው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ቢቀርቡና «በየትኛው ክፍለ ጊዜ? ያልተሳተፈው ስንት ተማሪ ነው? ከምን ተነስተው ነው እንዲህ ያሉት?» ብለው ቢጠይቁ ግን ርዕሰ መምህሩ የሚመልሱት አይኖራቸውም። ክፍል ገብተው ያዩት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ የጻፉት ያዩትን ሳይሆን የመሰላቸውን መሆኑ ነው።

መምህር ከጀማሪነት እስከ መሪ መምህርነት ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ከሚታዩለት ነገሮች አንዱ የምዘና ውጤቱ ነው። ደረጃው ደግሞ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ዝቅ ያለበት መምህር ቅሬታ ቢያቀርብ ሊደንቀን አይገባም። ብዙ ርዕሳነ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ለሁሉም ከፍተኛ ነጥብ ሰጥተው በሰላም ማደርን ይመርጣሉ። ይህ የእኛ አገር አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በአራት ግዛቶች የሚገኙ 12 የትምህርት አስተዳደሮችን የተመለከተ አንድ የታወቀ ጥናት «አጥጋቢ አይደለም» የተባሉት መምህራን ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ደካማ መምህር አልነበረም ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም። ደካማ ነው ብሎ ጽፎ፣ ሲጠየቅ የሚያስረዳ ነው የጠፋው።

ነገሩ የሚበላሸው ቅጹ ሲሞላ ይመስለናል እንጂ የሚበላሸው ቀደም ብሎ፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። ብዙዎቹ የሚገቡት ነጥብ መስጫ ቼክሊስቱን ይዘው ነው። ትምህርቱ እየተካሄደ «የትምህርት ዓላማውን ያስተዋውቃል፦ 4፤ መርጃ መሣሪያ ይጠቀማል፦ 3» እያሉ ይሞላሉ። ያኔ ዓይናቸው ከክፍሉ ወደ ወረቀቱ ይዞራል። ከዚያም የባሰው፣ ፍርዱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያልቅና የቀረው ጊዜ ያንን ፍርድ ሲያጸድቅ ይውላል። መምህሩ ድምፃቸው ያማረ፣ አለባበሳቸው የጸዳ ከሆነ የሌላውም መስፈርት ነጥብ አብሮ ከፍ ይላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አለቆች የወታደሮቻቸውን የተለያየ ችሎታ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ ነጥቦቹ ሁሉ ባንድ ጥሩ ወይም መጥፎ ስሜት እንደሚጎተቱ አሳይቶ ነበር። መቶ ዓመት አለፈው፤ በሽታው አልለቀቀንም።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ክፍል ውስጥ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ በየሰዓቱ መጻፍ፤ ነጥቡን ከክፍል ከወጡ በኋላ መስጠት። ለዚህ የሚያስፈልገው ባዶ ወረቀት፣ ሰዓትና የተማሪዎቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ግራ ጠርዝ ላይ ሰዓቱ ይጻፋል፤ ቀጥሎ መምህሩ ያሉትና ያደረጉት፣ ከዚያም ተማሪዎቹ ያሉትና ያደረጉት። «ጥሩ»፣ «ደካማ»፣ «አሰልቺ»፣ «ንቁ» የሚሉ ቃላት እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የላቸውም። የሚፈተነውም እንዲህ ነው፦ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው «አዎ፣ ሆኗል» ወይም «የለም፣ አልሆነም» ሊለው ይችላል? ካልቻለ አስተያየት ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ትምህርት ቤቱና ሰዎቹ ለማስረጃ ያህል የተፈጠሩ ናቸው፤ ክፍሉን ግን አስተምሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አምስተኛ ክፍል ነው፤ 56 ተማሪ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ታህታያቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። መምህሩ በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩ ናቸው። ርዕሰ መምህርቷ በዕድሜ ያንሷቸዋል። ባለፈው ቀን ዕለታዊ ዕቅዳቸውን አብረው አይተዋል፤ በተለይ የሚታየው «መምህሩ የተማሪውን መረዳት እንዴት ያረጋግጣል» የሚለው መስፈርት መሆኑንም ነግረዋቸዋል። ማስታወሻው እንዲህ ይነበባል፦

3:20 ደወል። 3:24 መምህሩ ገቡ።

3:27 ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/3 ጻፉ። «ስንት ይሆናል?»

3:28 ሁለተኛ ዴስክ ያለች ልጅ፦ «2/5»። መምህሩ፦ «አይደለም። ሌላ?» ፊት ዴስክ ያለ ልጅ፦ «5/6»። መምህሩ፦ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት።»

3:31 ረጅም ወረቀት ስድስት ቦታ አጥፈው ሦስቱን እጥፋት፣ ቀጥሎ ሁለቱን አሳዩ። ሰሌዳ ላይ 3/6 + 2/6 = 5/6። ቀጥሎ ሁለት ተጨማሪ ምሳሌ፤ ስሌቱ ሁሉ ትክክል።

3:41 «ገባችሁ?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ፦ «አዎ!»

3:42 ሦስት መልመጃ ጻፉ፤ የመጀመሪያው 3/4 + 1/6። በመደዳዎቹ መካከል ተዘዋወሩ።

3:46 እስከ 3:54 ከአራቱ መደዳ ከየአንዳንዱ ሦስት፣ በድምሩ 12 ደብተር አየሁ። ስድስቱ 11/12፣ አምስቱ 4/10፣ አንዱ ገና አልጀመረም።

3:55 ቅድም 5/6 ያለው ልጅ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሠራ። «ያልጨረሳችሁ ቤት ሥራ።» 4:00 ደወል።

በአቀማመጥ ንድፉ ላይ ደግሞ መምህሩ ተማሪ በጠሩ ቁጥር አንድ ጭረት ተጭሯል። ጭረቶቹ 14 ናቸው፤ የተጠሩት ልጆች 9። ከዘጠኙ ሰባቱ የተቀመጡት በፊተኞቹ ሁለት ተርታ ዴስኮች ነው።

አሁን ይህን ወረቀት ከላይ ካለው «ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ጋር አስተያዩት። ያለ ማስታወሻ የተቀመጠ ሰው ይህን ክፍል ቢያይ «ተሳትፎው ከፍተኛ ነበር» ሊልም ይችላል። ጭብጨባ ነበር፤ እጅ ይወጣ ነበር፤ «አዎ!» የሚለው ድምፅ እስከ ጎረቤት ክፍል ይሰማ ነበር። የክፍሉን ምስጢር የያዙት አምስቱ 4/10 የጻፉ ደብተሮች ናቸው። ሦስትና አንድ አራት፣ አራትና ስድስት አሥር፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው መደመር ማለት ነው። 3:28 ላይ ልጅቷ «2/5» ስትል የሠራችውም ይህንኑ ስህተት ነበር። ስህተቱ ክፍለ ጊዜው በተጀመረ በስምንተኛው ደቂቃ በግልጽ ቀርቦ ነበር፤ መምህሩ «ሌላ?» ብለው አለፉት፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አምስት ደብተር ውስጥ ተገኘ። በእኔ ግምት ከአርባው ደቂቃ ሁሉ ለምዘናው የሚጠቅመው ይህ አንድ ክር ነው። በጽሑፍ ባይቀመጥ ግን ማንም ባላስታወሰው። መልስ የሰጠው ጎበዙ ልጅ ብቻ በአእምሮ ይቀር ነበር።

ማስታወሻው ወደ ነጥብ የሚለወጠው እንዴት ነው? ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገብተው፣ በዚያው ቀን፣ በየመስመሩ ጎን ከየትኛው መስፈርት ጋር እንደሚሄድ ይጽፋሉ። የወረቀት እጥፋቱና ትክክለኛው ስሌት ወደ «የይዘት ዕውቀት» እና «የአቀራረብ ግልጽነት» ይሄዳሉ። «ገባችሁ?»፣ 2/5፣ ጭረቶቹና ደብተሮቹ «መረዳትን ማረጋገጥ» ሥር ይሰባሰባሉ። አንዳንድ መስፈርት ምንም መስመር ሳያገኝ ይቀራል። ለምሳሌ «ልዩ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎችን ያግዛል» ለሚለው በዚያ ቀን የታየ ነገር ከሌለ «በዚህ ምልከታ አልታየም» ይባላል እንጂ 3 ተሰጥቶ አይታለፍም። ባዶ ሳጥን የሚያሳፍር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ያለማስረጃ የተሞላ ሳጥን ነው ቅሬታ ሰሚ ፊት የሚያሳፍረው።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፋል። በአምስት ነጥብ መለኪያ ርዕሰ መምህርቷ ለይዘት ዕውቀት 5፣ መረዳትን ለማረጋገጥ 2 ሰጡ። ለሁለተኛው የጻፉት ይህን ነው፦ «መምህሩ መረዳትን ያረጋገጡት ‹ገባችሁ?› በሚል የጋራ ጥያቄና 14 ጊዜ ተማሪ በመጥራት ነው፤ ከተጠሩት 9 ተማሪዎች 7ቱ በፊተኞቹ ሁለት ተርታዎች የተቀመጡ ናቸው። በ3:28 የቀረበው የተሳሳተ መልስ (2/5) ምክንያቱ አልተጠየቀም። ከታዩት 12 ደብተሮች በ5ቱ ተመሳሳይ ስህተት ተገኝቷል።» ቀጥሎ አንድ ምክር፦ «ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንዴት እንደደረሰበት ይጠየቅ፤ ወደ መልመጃ ከመታለፉ በፊት ሁሉም ተማሪ አንድ ጥያቄ ደብተሩ ላይ ሠርቶ ያሳይ።»

ያልተጻፈውንም ልብ በሉ። «ተማሪዎቹ ትምህርቱ አልገባቸውም» አልተባለም፤ የታዩት ከ56ቱ 12 ደብተሮች ብቻ ናቸውና። «መምህሩ ለደካማ ተማሪ ግድ የላቸውም» አልተባለም፤ ግድ በዓይን አይታይም። መምህሩ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ስለተናገሩት ነገር፣ ወላጅ በር ላይ ስላወራው ወሬም አልተነሳም። የክፍል ምልከታ ዘገባ ውስጥ ከክፍሉ ውጪ የሆነ አንድ ነገር ከገባ፣ የቀረው ሁሉ በቂም በቀል ይጠረጠራል። ተጠርጣሪውም አያድንም፤ ኮሚቴው ያችን አንዷን መስመር ይዞ ሙሉ ዘገባውን ሊጥለው ይችላል።

ውይይቱ በማግስቱ ከመሆን አይዘግይ። ርዕሰ መምህርቷ ነጥቡን አላስቀደሙም፤ ማስታወሻውን ከፊታቸው አኖሩ።

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ይህን ያንብቡልኝ። ያልሆነ ነገር ጽፌ ከሆነ ያርሙኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «3:24 ያልሽው ልክ ነው። ግን ከዚያ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜዬ በወዲያኛው ሕንፃ ነው። ደወል ተደውሎ እስክሻገር አራት ደቂቃ ይሄዳል።»

«ይህን አላወቅሁም። እጽፈዋለሁ፤ ፕሮግራሙንም አያለሁ።»

«ተሳትፎ የለም ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ልጆቹ እጅ ሲያወጡ አላየሽም?»

«ተሳትፎ የለም አላልኩም ጋሼ። እጅ ያወጡትን አይቻለሁ። እነዚህን አምስት ደብተሮች ምን እንበላቸው ነው የምለው።»

መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «ያቺ ሁለት አምስተኛ ያለችዋን ልጅ መያዝ ነበረብኝ» አሉ። እንዲህ ሁልጊዜ አይቀናም። አንዳንዱ መምህር ይቆጣል፤ አንዳንዱ አይፈርምም። ክርክሩ ግን ስለ ሰውየው ማንነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ደብተሮቹ ሆኗል። የመዘግየቱም ነገር ትምህርት ይሰጣል፦ ማስታወሻው «ዘግይተው ገቡ» ቢል ኖሮ ፍርድ ነበር፤ «3:24 ገቡ» ስለሚል ምክንያቱ የሚገባበት በር ተገኘ። በነገራችን ላይ ፊርማ ማለት «አይቼዋለሁ፣ ቅጂውም ደርሶኛል» እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት እንዳልሆነ ቅጹ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ብዙ ጠብ ይቀራል። መምህሩ ያልተስማሙበትን የሚጽፉበት ቦታም በቂ ይሁን፤ አንድ መስመር ሰጥቶ «አስተያየት ካለዎት» ማለት ቀልድ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ቢሟላም አንድ ጉድለት ይቀራል። ይህ አንድ ቀን ነው። በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ 2 ያገኘ መምህር የዓመቱ 2 ነው ማለት አይቻልም። የሃርቫርዶቹ አንድሩ ሆ እና ቶማስ ኬን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በፍሎሪዳ ሂልስቦሮ ካውንቲ ርዕሳነ መምህራንና ባልደረቦቻቸው በቪዲዮ የተቀረጹ ትምህርቶችን እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። አንድ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የሚሰጠው ነጥብ የሚያስተማምን ሆኖ አልተገኘም። ያው ሰው ሁለተኛ ትምህርት ቢጨምር ይሻላል፤ ሁለተኛውን ሌላ ሰው ቢያየው ግን የበለጠ ይሻላል። ርዕሳነ መምህራን ለራሳቸው ትምህርት ቤት መምህር ትንሽ ከፍ አድርገው እንደሚሰጡም ታይቷል። ሌላው ደስ የሚል ግኝት፣ መምህራን የሚታየውን ትምህርት ራሳቸው ሲመርጡ ነጥባቸው ከፍ ይላል፤ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ቅደም ተከተል ግን ያን ያህል አይለወጥም። «ድንገት ካልገባሁ እውነቱን አላይም» ለሚሉ ርዕሳነ መምህራን ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል። ቀድሞ መንገር የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፤ ድንገተኛ ፍተሻ የሚያጠፋው መተማመን ግን ብዙ ነው።

የእንግሊዝ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድም ኢንስፔክተሮቹ ለአንድ ነጠላ ትምህርት ነጥብ መስጠታቸውን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አቁሟል። ክፍል መግባታቸው አልቀረም፤ አንዷን ክፍለ ጊዜ በቁጥር መፈረጁ ነው የቀረው።

ለእኛ ትምህርት ቤት ይህ ምን ማለት ነው? ርዕሰ መምህርቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ገቡ። በዚህ ጊዜ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው አብረዋቸው ነበሩ። ሁለቱ ተራርቀው ተቀመጡ፤ የየራሳቸውን ማስታወሻ ያዙ፤ ነጥባቸውን ሳይነጋገሩ ጻፉ። ትምህርቱ ስለ አስርዮሽ ቁጥሮች ነበር። መምህሩ ጥያቄ ጽፈው «ሁላችሁም መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ወደ ላይ ያዙ» አሉና ከፊት እስከ ኋላ ቃኙ። አንድ ልጅ ሲሳሳት «እንዴት አድርገህ ደረስክበት?» ብለው ጠየቁት። ርዕሰ መምህርቷ መረዳትን ለማረጋገጥ 4፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው 3 ሰጡ። የአንድ ነጥብ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ልዩነቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ቢሆን ሁለቱም ወደ ማስታወሻቸው ተመልሰው የትኛው መስመር እንዳለያያቸው መፈለግ አለባቸው። ሥልጣን ያለው ሌላውን «ዝቅ አድርገው» ካለ ሁለተኛ ተመልካች ማምጣቱ ትርጉም አልነበረውም።

በመንፈቀ ዓመቱ ምዘና ላይ ሁለቱም ምልከታ ከነቀኑ ተጻፈ፤ መጀመሪያ ምን እንደታየ፣ ምን ምክር እንደተሰጠ፣ በሁለተኛው ምን እንደተለወጠ። ሁለቱን ቁጥር ደምሮ ለሁለት አካፍሎ ማለፍ የዚህን መምህር ዋና ታሪክ መደበቅ ነበር። የነጥብ አሰጣጡ ደንብ አማካይ የሚያዝ ነው ካለ አማካዩ ይያዝ፤ ለውጡ ግን በቃላት ይቀመጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መምህራን ሲወዳደሩ ክፍሎቹም አብረው ይወዳደራሉ። የብሩኪንግስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ቀድሞውንም ጠንካራ ተማሪ የደረሳቸው መምህራን በክፍል ምልከታ የተሻለ ነጥብ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ተማሪ በውጤት ተለይቶ በሚመደብበት ትምህርት ቤት 5ኛ «ሀ»ን የያዘ መምህርና 5ኛ «መ»ን የያዘ መምህር ያለ ምንም ማብራሪያ በአንድ ዝርዝር ከፍና ዝቅ ተደርገው ሲደረደሩ፣ ዝቅ ያለው ሰው ቅሬታ ቢያቀርብ እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ዘገባው የተማሪውን ብዛት፣ ክፍሉ እንዴት እንደተመደበና የመማሪያ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደደረሰ መያዝ አለበት።

ቅሬታ ከመጣ ኮሚቴው መጠየቅ ያለበት ብዙ አይደለም። መስፈርቱን መምህሩ ቀድመው ያውቁት ነበር? ለዚህ ነጥብ የትኛው ቀን፣ የትኛው መስመር ነው ማስረጃው? ሌሎቹም መምህራን በዚሁ ቅጽ፣ በዚሁ ብዛት ታይተዋል? መምህሩ መልስ የመስጠት ዕድል አግኝተዋል? የእኛዋ ርዕሰ መምህርት ለአራቱም የሚያሳዩት ወረቀት አላቸው። ነጥቡ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ 2 ወይስ 3 በሚለው ላይ ቅን ሰዎችም ይለያያሉ። ያልታየ ነገር ተጽፏል፣ ወይም ለአንዱ ብቻ የወጣ ሕግ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሴሚስተሩ ሊዘጋ ሲል በአንድ ቀን የተሞላና ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ቅጽ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ አያልፍም። ይህን መምህራኑ ያውቃሉ፤ የጻፈውም ያውቃል።

መምህር ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምዘና ቅጽ ለፊርማ ሲቀርብልዎ ከቁጥሩ በፊት የምልከታውን ማስታወሻ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ይውሰዱ። ርዕሰ መምህር ከሆኑ ደግሞ ማስታወሻውን ሳይጠየቁ ከቅጹ ጋር አያይዘው ያቅርቡ።